ከአስፋልቱ እስከ ስንዴው ማሳ

እስቲ ዛሬ ስለ ከተማ መሬት እንጫወት። የምናወጋበትን ከተማም እንምረጥ፤ አሰላ ትሁን።

አሰላ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከአዳማ ተነስታችሁ አዋሽን ከተሻገራችሁ በኋላ ዴራ፣ ኢተያ፣ ጎንዴ እያላችሁ መንገዱ ሽቅብ ይወስዳችኋል። የቁሉምሳን የግብርና ምርምር ማዕከል ስታልፉ ደጋ መግባታችሁን ብርዱ ይነግራችኋል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣለች። በምሥራቅ በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጭላሎ ተራራ ቆሟል። በምዕራብ መሬቱ እየወረደ እየወረደ ሄዶ ከዝዋይ ሐይቅ ሜዳ ይገናኛል። ከአዳማ የመጣው አስፋልት ከተማዋን ከሰሜን ወደ ደቡብ ሰንጥቆ ወደ ሳጉሬና ወደ በቆጂ ይቀጥላል።

አሁን ከዚህ አስፋልት ላይ ቁሙና ፊታችሁን ወደ ጭላሎ አዙራችሁ ተራመዱ። መጀመሪያ የምታገኙት ባንክ፣ ሆቴል፣ የሞባይልና የልብስ ሱቅ ነው፤ ፊቱ ጠባብ፣ ወደ ኋላ ረዘም ያለ፣ ግድግዳው ከጎረቤቱ የተጣበቀ። ወደ ውስጥ ስትገቡ ሱቁ ይሳሳል፤ ወፍጮ ቤት፣ እንጨት ቤት፣ ብረታ ብረት ቤት ይተካል። ከዚያ ቆርቆሮ አጥርና ግቢ ያለው መኖሪያ ይመጣል። ቀጥሎ ግቢው እየሰፋ፣ ቤቱ እየተራራቀ፣ በመሀሉ የጎመንና የድንች መደብ እየታየ ይሄዳል። ከዚያ ባሕር ዛፍ፣ ከባሕር ዛፉ በኋላ ማሳ። ይህን ሁሉ በአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ውስጥ ታያላችሁ። ሱቁን እዚህ፣ ወፍጮውን እዚያ፣ ድንቹን ከዚያ ወዲያ አድርጉ ብሎ ያዘዘ አንድ ሰው የለም። ታዲያ እንዲህ ተራ በተራ ማን ደረደረው?

ይህን ጥያቄ አጥብቆ ከጠየቁት አንዱ ኧርነስት በርጄስ የሚባል የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ነው። ቺካጎ እ.ኤ.አ. በ1840 ከ5,000 ያነሰ ሰው የሚኖርባት ትንሽ ከተማ ነበረች፤ በ1920 ነዋሪዋ 2.7 ሚሊዮን ደርሷል። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ እንዲህ የፈነዳች ከተማ ስለሆነች፣ ከተማ እንዴት እንደሚያድግ ለማየት የተመቸች ነበረች። በርጄስ በ1925 ባወጣው ጽሑፍ አምስት ቀለበቶችን አንዱን በሌላው ውስጥ አድርጎ ሣለ። በመሀል ንግዱና ቢሮው አለ። ቀጥሎ የሽግግር ቀለበት ይመጣል፤ ያረጁ ቤቶች እየተሸነሸኑ ለአዲስ መጤ የሚከራዩበት፣ አነስተኛ ፋብሪካ የሚገባበት። ሦስተኛው የሠራተኛው፣ አራተኛው የተሻለ ኑሮ ያለው ሰው ቀለበት ነው። አምስተኛው ጠዋት ወደ መሀል ሄዶ ማታ የሚመለሰው ሰው የሚያድርበት ዳር ነው። የበርጄስ ዋና ሐሳብ ግን ከሥዕሉ ይልቅ እንቅስቃሴው ላይ ነው፤ ከተማው ሲያድግ እያንዳንዱ ቀለበት ከውጭ ያለውን እየገፋ ይሰፋል። የሽግግሩ ቀለበት ያረጀው ባለቤቱ ሰነፍ ስለሆነ አልነበረም። ነገ ንግድ ይደርስበታል ተብሎ ስለሚጠበቅ ቤቱን ማደሱ አያዋጣም፤ መሬቱን ይዞ መጠበቅ ያዋጣል።

በርጄስ ያየውን ነገረን እንጂ ቀለበቱ ለምን እንደሚፈጠር በሒሳብ አላሳየንም። ሒሳቡን ዊሊያም አሎንሶ እ.ኤ.አ. በ1964 ሠራው። መነሻውን ያገኘው ግን ከከተማ አልነበረም፤ ፎን ቱነን ከተባለ ጀርመናዊ ባለ እርሻ ነበር። ፎን ቱነን በ1826 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በገበያ ዙሪያ ያለ መሬት ምን እንደሚዘራበት የሚወስነው ምርቱን ገበያ ድረስ የማጓጓዣው ወጪ ነው ብሎ ነበር። አርሲ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ጀርመን መሄድ አያስፈልገውም። ጎመንና ወተት ከከተማው ጥግ፣ ስንዴና ገብስ ከዚያ ወዲያ ሆነው ያያቸዋል፤ ጎመን ይጠወልጋል፣ ስንዴ በኩንታል ተጭኖ ይጠብቃል።

እንግዲህ ሒሳቡን በአሰላ መልክ እንሥራው። ቁጥሮቹ ለጨዋታችን የመረጥኳቸው ናቸው፤ የገበያ ዋጋ አድርጋችሁ እንዳትይዙብኝ። የሚያስተምረን ቁጥሩ ራሱ ሳይሆን አንዱ ከሌላው ጋር ያለው ዝምድና ነው። ዋጋውም ለመሬቱ ብቻ ነው፤ ቤት ለመሥራት የወጣውን አናስገባም።

አንድ ባለ ሱቅ አስፋልቱ ዳር ለካሬ ሜትር በወር 400 ብር መክፈል ይችላል እንበል። ከአስፋልቱ 100 ሜትር በራቀ ቁጥር በደጁ የሚያልፈው ሰው ስለሚቀንስ የሚችለው ዋጋ በ100 ብር ይወርዳል። ስለዚህ 400 ሜትር ላይ ምንም አይከፍልም፤ እዚያ ገዢ አይደርስለትም። መኖሪያ የሚፈልግ ቤተሰብ ደግሞ አስፋልቱ ዳር 115 ብር ቢከፍል ነው። ነገር ግን እሱ ደንበኛ አይጠብቅም፤ በየ100 ሜትሩ የሚያጣው የእግር ድካምና የመጓጓዣ ገንዘብ ብቻ ስለሆነ ዋጋው በ5 ብር ብቻ ይቀንሳል።

አሁን ሁለቱን አጫርቷቸው። አስፋልቱ ዳር ባለ ሱቁ 400፣ ቤተሰቡ 115፤ ሱቅ ያሸንፋል። 300 ሜትር ላይ ባለ ሱቁ 100፣ ቤተሰቡም 100፤ እኩል ሆኑ። ከዚያ አንድ እርምጃ ካለፋችሁ ቤተሰቡ ያሸንፋል። የሱቁ ቀለበት የቆመው 300 ሜትር ላይ ነው፤ ያቆመው ደግሞ የሁለቱ አቅም መገናኘት ነው። ይህን አስተውሉ፦ ቤተሰቡ ከመሀል የወጣው መሀልን ስለሚጠላ አይደለም። ለመሀሉ 115 ብር ይሰጥ ነበር፤ አብልጦ የሚሰጥ ሌላ ስለመጣ ወጣ። መሀሉን የሚይዘው ርቀት አብዝቶ የሚጎዳው ሰው ነው።

ሦስተኛው ተጫራች ገበሬው ነው። በሄክታር 40 ኩንታል ስንዴ አመረተ እንበል። ወጪው ሁሉ ተነስቶ ከኩንታሉ 1,200 ብር ቢቀረው በዓመት 48,000 ብር ይሆናል። ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነውና ለካሬ ሜትር በዓመት 4 ብር ከ80 ሳንቲም፣ በወር ደግሞ 40 ሳንቲም ይደርሳል። የቤተሰቡ ዋጋ በ5 ብር በ5 ብር እየወረደ ወደ 40 ሳንቲም የሚደርሰው 2 ኪሎ ሜትር ከ300 ሜትር አካባቢ ነው። የከተማው ዳር እዚያ ነው። ከዚያ ወዲያ ስንዴ ያሸንፋል።

ይህን ሒሳብ በየአቅጣጫው ብትደግሙት በርጄስ የሣለው ዓይነት ክብ ይወጣል፤ መሀሉ ሱቅ፣ ቀጥሎ ቤት፣ ቀጥሎ ማሳ። ችግሩ አሰላ ክብ አለመሆኗ ነው። ከተማዋ መንገዷን ተከትላ የተዘረጋች ናት። ሒሳባችን ምን ጎደለው?

የጎደለው በሁሉም አቅጣጫ 100 ሜትር እኩል ያደክማል ብሎ ማሰቡ ነው። ድሮ የአሰላ ሰው ዕቃውን የሚያጓጉዘው በጋሪ፣ ራሱን በእግሩ ነበር። ከዚያ ባጃጅ መጣ። ባጃጅ የሚሄደው አስፋልትና ኮብልስቶን ባለበት ነው፤ በክረምት የአርሲ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ሽቅብ አይወጣም። ስለዚህ ባጃጅ የሚያገኝ ቤተሰብ በየ100 ሜትሩ የሚያጣው 5 ብር መሆኑ ቀርቶ 3 ብር ሆነ እንበል። ያው 115 ብር አሁን ወደ 40 ሳንቲም የሚወርደው 3 ኪሎ ሜትር ከ800 ሜትር አካባቢ ሲደርስ ነው። መንገዱን ይዞ ከተማው 1 ኪሎ ሜትር ተኩል ወደፊት ሄደ። ከመንገዱ ወደ ጎን፣ ወደ ጭላሎ ሽቅብ ግን ያው 2 ኪሎ ሜትር ከ300 ላይ ቀረ፤ ዳገቱን ስንጨምርበት እንዲያውም ከዚያ ያንሳል። ከተራራው የሚወርዱት ጅረቶች ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሸለቆ እየቆረጡ ስለሚያልፉ፣ ከሸለቆው ማዶ ያለ ሰፈር በዓይን ቅርብ ሆኖ ሳለ ሰው ድልድይ ፍለጋ ዞሮ ነው የሚደርስበት። ክቡ በመንገዱ አቅጣጫ ተጎትቶ ረዘመ፤ በጎን ታፈነ።

ሁለተኛው ሥዕል እዚህ ላይ ይመጣል። ሆመር ሆይት የመሬትና የቤት ዋጋ ያጠና የምጣኔ ሀብት ሰው ነበር። በ1933 እ.ኤ.አ. የቺካጎን የመቶ ዓመት የመሬት ዋጋ ያጠናበትን መጽሐፍ አወጣ። ቀጥሎ በአሜሪካ መንግሥት የቤቶች አስተዳደር ውስጥ ሆኖ የ142 ከተሞችን የቤት ኪራይ በየብሎኩ አስሰበሰበና በ1939 ውጤቱን አሳተመ። ኪራዩን በካርታ ላይ ቀለም ሲቀባው ቀለበት አላገኘም። ድፎ ዳቦ ሲቆረስ እንደሚወጣው ያለ፣ ጫፉ መሀል ላይ ሆኖ ወደ ዳር እየሰፋ የሚሄድ ቁራሽ አገኘ። ውድ ቤቶች በአንድ ወይም በሁለት ቁራሽ ውስጥ ተሰብስበዋል፤ ፋብሪካው በባቡር ሐዲዱና በወንዙ ቁራሽ፣ የሠራተኛው ቤት ከፋብሪካው ጎን።

ሆይት ጊዜንም አስገባ። በጥቂት ከተሞች ውስጥ የባለጸጋ ሰፈሮች በ1900፣ በ1915 እና በ1936 የት እንደነበሩ አነጻጸረ። ሰፈሮቹ ከመሀል ወደ ዳር ቢሸሹም ከያዙት አቅጣጫ አይወጡም። ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ ባለጸጋ የሚሄደው ፈጣን መንገድ ወዳለበት፣ ከጎርፍ ነጻ ወደሆነ ከፍታ፣ ክፍት ሜዳ ወደሚገኝበትና የማኅበረሰቡ ታላላቆች ቤት ወደሠሩበት ነው አለ። ከጀርባው ሌላ ባለጸጋ ካለ ወደ ኋላ መመለስ አይችልም፤ ወደፊት ይሄዳል።

ይህን በእኛ አገር ለማየት የቦሌን መንገድ አስቡ። አዲስ አበባ በዐፄ ምኒልክና በእቴጌ ጣይቱ ዘመን ከቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ስትሰፍር መኳንንቱ ሁሉ በየጉብታው ሰፈር ይዘው ነበር፤ ጌታውም አሽከሩም ጎን ለጎን። በ1948 ዓ.ም. ገደማ የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ከታች ተሠራ። ከዚያ የቦሌ አየር ማረፊያ መጣና ሰፊ መንገድ ተዘረጋ። የባለ ገንዘቡ ቤት በዚያው መስመር ተከትሎ ወረደ። አየር ማረፊያው መንገዱን ሲዘጋው ደግሞ ጎን ለጎን ሰፋ። ቤተ መንግሥት፣ ፈጣን መንገድ፣ ክፍት ሜዳ፤ ሆይት የጠቀሳቸው ነገሮች በአንድ መስመር ተሰልፈዋል።

ስለ ሆይት ስንናገር አንድ ነገር መዝለል የለብንም። በ1933ቱ መጽሐፉ ውስጥ የትኛው ዘር ሰፈር ሲገባ የመሬት ዋጋ ይቀንሳል የሚል ደረጃ አስቀምጦ ጥቁሮችን ከታች ካሉት ውስጥ አድርጓል። የሠራለት መሥሪያ ቤትም ጥቁሮች ለሚኖሩበት ሰፈር የቤት ብድር ዋስትና ሲከለክል ኖሯል። ስለዚህ በካርታው ላይ ያየው ቁራሽ በከፊል መንግሥትና ባንክ የቆረሱት ነበር። ይህን የማነሳው ለእኛም ስለሚያስፈልገን ነው። የከተማ ሥዕል ስታዩ ገበያ የሠራው ምን ያህሉ፣ ሕግ የሠራው ምን ያህሉ እንደሆነ ጠይቁ።

ወደ አሰላ እንመለስና ሁለቱን ሥዕሎች በአንድነት እንያቸው። ቀለበቱ ከርቀት ይወለዳል፤ ቁራሹ ርቀት በየአቅጣጫው እኩል ባለመሆኑ ይወለዳል። የሁለቱም እናት ያች ጨረታ ናት። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የተቋቋመውን የአሰላ ብቅል ፋብሪካ ውሰዱ። ብቅል ፋብሪካ ገብስ በከባድ መኪና ይገባለታል፣ ብቅል በከባድ መኪና ይወጣለታል፤ ብዙ ውኃና ሰፊ ግቢ ይፈልጋል። በደጁ የሚያልፍ እግረኛ ቁጥር አይጠቅመውም። ለአስፋልቱ ዳር 400 ብር ከሚከፍለው ባለ ሱቅ ጋር መወዳደር ትርጉም የለውም፤ ዋናው መንገድ ግን የግድ ያስፈልገዋል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ፋብሪካ መንገዱን ይይዛል፣ መሀሉን ይተዋል። አንዴ ከተቀመጠ ደግሞ ጎረቤቱን ይመርጣል፤ የሠራተኛ ኪራይ ቤት፣ ጋራዥ፣ ምግብ ቤት ይመጣል፤ ጸጥታ የሚፈልግ ይሸሻል። የአንድ ቁራሽ መጀመሪያ እንዲህ ነው።

ሆስፒታሉንም ተመልከቱ። በሆስፒታል በር ላይ መድኃኒት ቤት በመድኃኒት ቤት ላይ ይደረደራል፤ ላቦራቶሪ፣ አልጋ ቤት፣ ለአስታማሚ ምግብ የምትሸጥ እናት ይከተላሉ። ይህ ራሱን የቻለ ሌላ መሀል ነው። ዩኒቨርሲቲውና መናኸሪያውም እንዲሁ። ሃሪስና ኡልማን የሚባሉ ሁለት የጂኦግራፊ ምሁራን በ1945 እ.ኤ.አ. ከተማ አንድ ሳይሆን ብዙ መሀል አለው ያሉት ይህንን አይተው ነው። ጨረታው ያው ነው፤ ሰው የሚሰበሰብበት ነጥብ ብቻ በዛ።

እስካሁን የተጫወትነው ሁሉ አንድ ነገር ይዞ ነው፤ መሬቱ አብልጦ ለሚከፍል ይሄዳል። አሁን አስፋልቱ ዳር ካለው ፎቅ ጀርባ ግቡ። አሰላም ይሁን ደሴ፣ ጅማም ይሁን አዲስ አበባ፣ ብዙ ጊዜ የምታዩት ተመሳሳይ ነው። የፎቁ መስታወት ሳይጠፋችሁ ጭቃው የረገፈ፣ ጣሪያው የዛገ፣ ግድግዳው ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ቤት ትደርሳላችሁ። በአንድ ግቢ አራትና አምስት በር አለ፤ ሽንት ቤቱ የጋራ፣ ቧንቧው የጋራ። ይህ የቀበሌ ቤት ነው። በሒሳባችን መሠረት ይህ መሬት በካሬ ሜትር በወር ሁለት መቶና ሦስት መቶ ብር ያወጣል። ነዋሪዋ የምትከፍለው ግን በአሥርት ዓመታት ያልተነካ ጥቂት ብር ነው።

ይህን የሠራው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው ይህ አዋጅ የከተማ ቦታን ሁሉ የመንግሥት አደረገ፤ አንድ ቤተሰብ ከሚኖርበት አንድ ቤት በላይ ያለውን ትርፍ ቤት ወረሰ። ኪራዩ ከፍ ያለው ቤት ወደ ኪራይ ቤቶች፣ ከ100 ብር በታች የሆነው ወደ ቀበሌ ሄደ። ኪራዩም ተቀነሰ። በዚያ ዘመን በኪራይ ለሚማቅቅ ድሃ ትልቅ እፎይታ ነበር። በዚያው ልክ ግን ቤቱ ባለበት ቆመ። ተከራይዋ መሸጥ አትችልም፤ ማፍረስና መሥራት አትችልም፤ ቀበሌው ደግሞ ከሚሰበስበው ኪራይ ጣሪያ እንኳ መቀየር አይችልም። የበርጄስ የሽግግር ቀለበት ያረጀው ባለቤቱ ነገን እየጠበቀ ስለነበር ነው። የእኛ መሀል ያረጀው የሚጠብቅም የሚያድስም ባለቤት ስላልነበረው ነው። ከሩቅ ሲያዩት ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ መድኃኒታቸው ግን አንድ አይደለም።

ያች የቀበሌ ቤት ነዋሪ እናት መሀል በመቀመጧ የምታገኘውንም እንቁጠር። ጠዋት እንጀራ ጋግራ ለሆቴሉ ታስረክባለች፤ ከሰዓት ጉሊት ትቀመጣለች፤ ልጇ መናኸሪያ ዕቃ ያወርዳል። ለመጓጓዣ የምታወጣው የለም። በእሷ ኑሮ ውስጥ ያለው ርቀት ከባለ ሱቁ ርቀት ብዙም አይለይም፤ 400 ሜትር ቢርቃት ገዢዋን ታጣለች። ስለዚህ ሰፈሯ ለልማት ፈርሶ ከተማው ዳር የተሻለ ቤት ሲሰጣት፣ ቤቱ ቢሻልም ገቢዋ ይወድቃል። በአዲስ አበባ ከመሀል ተነስተው ወደ ዳር የሄዱ ብዙዎች የሚናገሩት ይህንን ነው፦ ግድግዳው አማረ፣ ሥራው ራቀ።

አሁን በሌላኛው ጫፍ ወዳለው ገበሬ እንሂድ። አርሲ ውስጥ መሬት ሲወደድ በላዩ ያለው ሰው ምን እንደሚደርስበት የታሪክ ትምህርት አለን። በ1960 ዓ.ም. አካባቢ በስዊድን እርዳታ ካዱ ተብሎ የሚታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት አሰላን ማዕከል አድርጎ ተቋቋመ። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ለትንሹ ገበሬ አመጣ፤ ምርትም ጨመረ። ነገር ግን ከመሬቱ የሚገኘው ትርፍ ሲጨምር ባለ መሬቶቹ ትራክተር አስገብተው ጭሰኛውን አስነሱት። ከየካቲት 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ በፊት በነበሩት ዓመታት ብዙ ጭሰኛ ከጭላሎ አውራጃ የተፈናቀለው በዚህ ምክንያት ነው። መሬት ዋጋ ሲያወጣ ትርፉ የሚሄደው የመወሰን መብት ወዳለው ሰው ነው።

ዛሬ የከተማው ዳር ወደ ስንዴው ማሳ ሲገባ የሚወስነው ጨረታው ብቻ አይደለም። ገበሬው መሬቱን ለቤት ፈላጊው መሸጥ አይችልም፤ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነውና። ከተማው ይወስደዋል፣ ካሳ ይከፍላል፣ ሸንሽኖ በሊዝ ጨረታ ወይም በምደባ ይሰጣል። የሊዝ አዋጁ ቁጥር 721/2004 ነው፤ የካሳው አዋጅ ቁጥር 1161/2011። የካሳው አዋጅ እርሻውን ለዘለቄታው ለሚለቅና ምትክ መሬት ለማያገኝ ገበሬ፣ ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛ የሆነው ዓመታዊ ገቢ በ15 ተባዝቶ ይከፈለዋል ይላል። ቀድሞ የነበረው አዋጅ 10 ዓመት ብቻ ይቆጥር ስለነበር ይህ መሻሻል ነው።

በጨዋታችን ሒሳብ እንፈትነው። የገበሬያችን ካሬ ሜትር በዓመት 4 ብር ከ80 ያስገኛል፤ በ15 ሲባዛ 72 ብር ይሆናል። ያ መሬት ከአስፋልቱ 2 ኪሎ ሜትር ላይ ቢሆን ቤተሰብ ለካሬ ሜትር በወር 15 ብር ይሰጥበት ነበር። ስለዚህ የ15 ዓመት ስንዴ ተብሎ የተከፈለው ካሳ የመኖሪያ ቦታ ሲሆን ከሚያወጣው የ5 ወር ኪራይ አይሞላም። ቁጥሩን እንደፈለጋችሁ ለውጡት፤ ስንዴውን እጥፍ፣ ኪራዩን ግማሽ አድርጉት፤ ልዩነቱ አሁንም ሰፊ ነው። ካሳው የተለካው መሬቱ ትናንት በሰጠው ነው፤ የሚሸጠው ነገ በሚሰጠው ነው።

የጨረቃ ቤት ከዚሁ ልዩነት ይወለዳል። ገበሬው ከተማው እንደሚመጣ ያያል፤ መጥቶ በ72 ብር ከሚወስድበት በፊት ለቤት ፈላጊ በ200 እና በ300 ብር በድብቅ መስጠት ይሻለዋል። ገዢውም በሊዝ ጨረታ ከሚጠየቀው ያነሰ ስለሚከፍል ይስማማል። ጭቃው በጭድ ተቦክቶ፣ እንጨቱ በአንድ ሌሊት ቆሞ፣ ቆርቆሮው ሳይነጋ ይመታል። ከዚያ መንገድ የሌለው፣ ጎርፉ በደጁ የሚወርድ ሰፈር ይፈጠራል። ከጎኑ ደግሞ በሊዝ የተወሰደ ቦታ በድንጋይ ታጥሮ፣ ውስጡ ሣር በቅሎ ዓመታት ያሳልፋል። የአሜሪካው ሥዕል ዳሩን ለባለጸጋ ይሰጣል። የእኛ ዳር ግን ቪላውንም፣ የጨረቃ ቤቱንም፣ የታጠረውንም ባዶ ቦታ ጎን ለጎን ይይዛል፤ እያንዳንዱ የገባበት በር የተለየ ነውና።

በየከተማችሁ ይህን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ቅዳሜ ከዋናው መንገድ ተነስታችሁ በአንድ አቅጣጫ እስከ ማሳው ሂዱ፤ በሌላ ቅዳሜ በሌላ አቅጣጫ ድገሙት። ሱቅ የት እንዳለቀ፣ ፎቅ የት እንደቆመ፣ ባጃጅ የት ላይ እንደሚመለስ፣ የመጀመሪያው ማሳ የት እንደሆነ ምልክት አድርጉ። ሁለቱ መስመሮች አንድ ከሆኑ ቀለበት አገኛችሁ። አንዱ ከረዘመ ምን እንዳስረዘመው ጠይቁ፤ መንገድ ነው፣ ውኃ ነው፣ ዳገት ነው? የቤቱ ዓይነት ከርቀቱ ጋር የማይገጥምበት ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ ውድ መሬት ላይ የፈረሰ ቤት ስታዩ፣ ወይም ርካሽ መሬት ላይ የታጠረ ባዶ ግቢ ስታዩ፣ እዚያ የገባ ሕግ አለና እሱን ፈልጉ።

እኔ ከዚህ ሁሉ የምይዘው አንድ ነገር ነው። በአስፋልቱና በማሳው መካከል ያለውን መሬት ጨረታ ያከፋፍለዋል፤ በሁለቱ ጫፎች ላይ ግን ዋጋውን የሚቆርጠው አዋጅ ነው። በመሀል ለቀበሌ ቤት ነዋሪዋ፣ በዳር ለገበሬው። ሁለቱም ከተማው እንዲያድግ የሚለቁ ሰዎች ናቸው። እሷ የምትለቀው ገቢዋ የተቆራኘበትን ቦታ ነው፤ እሱ የሚለቀው ነገ ብዙ የሚያወጣውን መሬት ነው። ስለዚህ አዲስ መንገድ፣ አዲስ ፎቅ፣ አዲስ ፕላን ሲነገራችሁ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦ ከመሀል የምትነሳው እናት ሥራዋን በስንት ሜትር ውስጥ ታገኛለች? ከዳር የሚነሳው ገበሬ መሬቱ ከተማ ሲሆን ከሚያወጣው ዋጋ ስንት ይደርሰዋል? መልሱ ግልጽ ሆኖ የተጻፈበት ፕላን ካለ፣ የዚያ ከተማ እድገት ለሁለቱም የሚሆን እድገት ነው።